በ21 ዶላር ሙከራ፦ የፌስቡክ ማስታወቂያችሁ ይቁም፣ ይጠገን ወይስ ይደግ?

ታናሽ እህቴ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አላት። ባለፈው የሙቀት ወቅት በቻርጅ የሚሠራ ቬንትሌተር አስገባች። መብራት ቢጠፋም መዞሩን አያቆምም። ግንቦት ላይ ይህ ዕቃ ምን ያህል እንደሚፈለግ ለድሬ ሰው አይነገርም።

ዕቃውን ለማስተዋወቅ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ለሚያስኬድ አንድ ቡስት አድራጊ 2,000 ብር ሰጠችው። በሦስት ቀን ውስጥ ፎቶው ከሺ በላይ ላይክ አገኘ። የተሸጠው ግን አንድ ብቻ ነው። ማታ ደውላ «ልቀጥል ወይስ ልተወው?» አለችኝ። ሥራዬ ማስታወቂያ ነው፤ ሆኖም መልስ መስጠት አልቻልኩም። ምክንያቱም ከመጀመሯ በፊት «ይህን ያህል ካወጣሁና ይህን ያህል ካልሸጥኩ አቆማለሁ» ያለችበት ቁጥር አልነበረም። ያለ እሱ ቁጥር መቀጠልም ማቆምም ግምት ነው።

ስለዚህ ከዜሮ ጀመርን። ከዚህ በታች ያለው እሷ ጋር ያደረግነው ሒሳብ ነው። ዕቃችሁ ሌላ ከሆነ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር ተኩ። መንገዱ አይቀየርም።

መነሻው ትርፍ ነው

ብዙ ሰው «ስንት ብር ላውጣ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቀድሞ መመለስ ያለበት «ከአንድ ዕቃ ስንት ይቀረኛል?» የሚለው ነው።

ቬንትሌተሩ 6,500 ብር ይሸጣል። ከነማጓጓዣው 5,000 ብር ነው የገባላት። ለባጃጅ ማድረሻ 100 ብር ታወጣለች። የሚቀራት 1,400 ብር ነው። አንድ ቬንትሌተር ለመሸጥ ለማስታወቂያ 1,400 ብር ካወጣች ምንም አልተረፋትም፣ ምንም አልከሰረችም። ይህ የመጨረሻው መስመር ነው። ከዚያ ማዶ ኪሳራ ነው።

ግን በዜሮ ትርፍ ለመሥራት ሱቅ የሚከፍት የለም። «ከትርፍሽ ስንቱን ለማስታወቂያ ብትሰጪ ቅር አይልሽም?» አልኳት። ግማሹን አለች። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ያዝን፦ 700 ብር የምንፈልገው፣ 1,400 ብር የማናልፈው። ሁለቱንም በሒሳብ ደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፈቻቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማስታወቂያው በዶላር ነው የሚከፈለው፤ አብዛኞቻችን ደግሞ በቡስት አድራጊ በኩል በብር ነው የምንከፍለው። ስለዚህ የምታስቡት ባንክ በሚለጥፈው ዋጋ ሳይሆን ከኪሳችሁ በሚወጣው ብር ይሁን። ኮሚሽኑም በውስጡ አለ። ለሒሳብ እንዲመች አንዱን ዶላር 200 ብር እንበለው። ቡስት አድራጊውን በየሳምንቱ በፌስቡክ የማስታወቂያ መቆጣጠሪያ፣ በአድስ ማናጀር ላይ፣ የወጣውን ገንዘብ የሚያሳየውን «Amount spent» የሚለውን ዓምድ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። «10 ዶላር ሠርቻለሁ» ማለቱ ብቻ አይበቃም። የፌስቡክ የይለፍ ቃላችሁንም አትስጡት። ማስታወቂያ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ፈቃድ ከገጹ ቅንብር ላይ መስጠት ይቻላል።

የሙከራው በጀት ለምን ሦስት እጥፍ ሆነ?

የሙከራውን ገንዘብ ከመጨረሻው መስመር ሦስት እጥፍ አደረግነው። 1,400 ሲባዛ በ3፣ 4,200 ብር። በዶላር 21።

ሦስት ያልኩት ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። ማስታወቂያው በትክክል 1,400 ብር ላይ አንድ የሚሸጥ ነው እንበል። 1,400 ብር ብቻ አውጥታችሁ ብታቆሙ፣ በዕድል ብቻ አንድም ሳትሸጡ የመቅረታችሁ ነገር ከ100 ወደ 37 ይጠጋል። ማለትም ደህና ማስታወቂያ ይዛችሁ ባዶ እጃችሁን ልትቀሩ ትችላላችሁ። 2,800 ብር ብታወጡ ይህ ዕድል ወደ 14 ይወርዳል። 4,200 ላይ 5 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 4,200 አውጥታችሁ አንድም ካልሸጣችሁ ማስታወቂያው አይሠራም ለማለት በቂ ምክንያት አላችሁ። ከዚያ በታች ስታቆሙ ግን ገና አላወቃችሁም።

የእህቴ የመጀመሪያ 2,000 ብር ችግሩ ይህም ነበር። ለመፍረድ አይበቃም።

ትርፉ ትንሽ ለሆነ ዕቃ፣ ለምሳሌ ከአንዱ 80 ብር ለሚቀረው የስልክ ከቨር፣ የሙከራው በጀት 240 ብር ይሆናል። በዚያ ገንዘብ ሰው መልእክት ልኮ፣ ተከራክሮ፣ ገዝቶ መሄዱ ይከብዳል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለብቻው አታስተዋውቁ። አምስት አንድ ላይ አድርጋችሁ ሽጡ፤ ወይም ማስታወቂያውን ለሌላ ዕቃ ተዉት።

ላይክ፣ ጉብኝት ወይስ መልእክት?

ማስታወቂያ ስትከፍቱ ፌስቡክ ምን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ለጠየቃችሁት ነገር የሚሆን ሰው ነው የሚፈልግላችሁ። ላይክ ካላችሁ ላይክ ማድረግ የሚወድ ሰው ያመጣል። የእህቴ ሺ ላይክም የመጣው ከዚህ ነው። ማስታወቂያው የታዘዘውን በሚገባ ሠርቷል።

ጉብኝት የሚለው ወደ ድረ ገጽ ይወስዳል። ሱቁ ቀፊራ ሆኖ ክፍያው በእጅ ወይም በቴሌብር ከሆነ ድረ ገጹ ምን ያደርግላችኋል?

ሽያጭን ግብ ማድረግስ? ስሙ ያጓጓል። ነገር ግን ሲስተሙ ለማን ማሳየት እንዳለበት በደንብ ለመማር ለአንድ የማስታወቂያ ስብስብ በሳምንት 50 ያህል ውጤት ይፈልጋል። በ21 ዶላር 50 ቬንትሌተር አይሸጥም። መልእክት ግን ይገኛል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሱቅ የምመርጠው መልእክትን ነው። ፌስቡክ መልእክቱን ይቆጥራል፣ ሽያጩን እናንተ በደብተር ትቆጥራላችሁ።

የማስታወቂያውን ብዛት በተመለከተ ደግሞ፣ በቀን 3 ዶላር ይዞ አምስት ፎቶ መሞከር ገንዘቡን መበተን ነው። ሁለት በቂ ነው። እኛ አንዱን ዋጋ የተጻፈበት ፎቶ አደረግነው። ሌላው በስልክ የተቀረጸ የ14 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ማታ ነው፤ ቬንትሌተሩ ይዞራል፤ መብራት ድንገት ይጠፋል፤ ክፍሉ ይጨልማል፤ የቬንትሌተሩ ድምፅ ግን አይቆምም። ከዚያ የስልክ ባትሪ ይበራና እየዞረ ይታያል። ያለ አንድ ቃል።

ሁለቱን በአንድ ስብስብ ውስጥ አስገባናቸው። በሁለተኛው ቀን አብዛኛው ገንዘብ ወደ ቪዲዮው ሄደ። ይህ የተለመደ ነው፤ አትደንግጡ፣ አትነካኩት። በመሐል ፎቶ ብትቀይሩ ወይም ታዳሚውን ብታስተካክሉ የሲስተሙ ትምህርት እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በአንድ ቀን፣ በሦስት ቀን ወይስ በሳምንት?

21 ዶላሩን በአንድ ቀን መጨረስ ፈጣን መልስ የሚሰጥ ይመስላል። የሚሰጣችሁ ግን የዚያን ቀን መልስ ነው። ዝናብ ከጣለ? ዓርብ ከሆነ? ሦስት ቀንም ቅዳሜን ካላገኘ ጎዶሎ ነው። በቀን 3 ዶላር፣ ሰባት ቀን። ሁሉም የሳምንቱ ቀን አንድ አንድ ጊዜ ይገባል። አንዳንድ ቀን ከ3 ዶላር አልፎ ሊወጣ ይችላል። በሳምንቱ ድምር ግን የቀኑን በጀት ሰባት እጥፍ አያልፍም።

ቦታውን ስትመርጡ ቆም በሉ። «ድሬዳዋ» ብላችሁ ስትጽፉ ከጎኑ ዙሪያውን የሚያሰፋ የኪሎ ሜትር ቁጥር አለ። 40 ላይ ከተዋችሁት ሐረማያንና አወዳይን ያጠቃልላል። ለልብስ ነጋዴ ይህ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለቬንትሌተር ግን የገንዘብ ማፍሰሻ ነው። እነዚያ ከተሞች ደጋ ናቸው፤ ከእነሱ አለፍ ብላ ያለችው ሐረር እንኳ ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚያ ማታ ብርድ ልብስ ነው የሚፈለገው። ይህን ያወቅነው ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ነው፤ ቀድሜ ልነግራት ይገባኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ደብተር

ሳምንቱ ሲያልቅ 4,200 ብር ወጥቶ 81 ሰው መልእክት ልኳል። አንድ መልእክት ወደ 52 ብር ገደማ ማለት ነው። እህቴ ለእያንዳንዱ ሰው በደብተሯ አንድ መስመር ይዛ ነበር፦ የላከበት ሰዓት፣ ከየት እንደሆነ፣ ምን እንደጠየቀ፣ ገዛ ወይስ አልገዛም። ይህ ደብተር ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ጠቅሞናል።

የተሸጠው አምስት ነው። 4,200 ለ5 ሲካፈል 840 ብር። ከ1,400 በታች ነው፤ ከ700 ግን በላይ። ከአምስቱ አንዱ ማስታወቂያው ካለቀ ከአራት ቀን በኋላ የመጣ ነው። «ደመወዝ እየጠበቅኩ ነበር» አላት። ለዚህ ነው ሳምንቱ እንዳለቀ በዚያው ማታ መፍረድ የሌለባችሁ። አራት ቀን ታገሡና ቁጠሩ።

ደብተሩ ላይ ሁለት ነገር ጎልቶ ታየ። አንደኛ፣ 16 ሰዎች ከሐረማያና ከአወዳይ ነበሩ። አንዳቸውም አልገዙም። ሁለተኛ፣ ከመልእክቶቹ ግማሽ ያህሉ የገቡት ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው። ሱቁ ያኔ ተዘግቷል፤ መልስ የሚያገኙት በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ማታ በሙቀት ሲንገላታ የጠየቀ ሰው ጠዋት ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚነሣው። ከማታ ጠያቂዎች የገዛው አንድ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። «ሜቃ?» ብለው ዋጋውን በኦሮምኛ የጠየቁ ነበሩ፤ በሶማሊኛም የጻፉ። በአማርኛ ተመልሶላቸው ዝም አሉ። ድሬ ላይ ይህ ሊረሳ አይገባም ነበር።

ይቁም፣ ይጠገን፣ ይደግ

ሙከራው ከመጀመሩ በፊት የተስማማንበት መስፈርት ይህ ነው።

ዜሮ ወይም አንድ ከተሸጠ ይቆማል። «ትንሽ ብጨምርበት» የለም። አንድ ሲሸጥ ወጪው 4,200 ነው፤ ከመጨረሻው መስመር ሦስት እጥፍ። እንዲህ ያለውን በጥቃቅን ማስተካከያ ማዳን አይቻልም። ዋጋው፣ ዕቃው ወይም ወቅቱ ነው ችግሩ።

ከሁለት እስከ አምስት ከተሸጠ ይጠገናል። አያድግም፣ አይቆምም። ደብተሩን አይታችሁ የሚፈሰውን ቦታ ትደፍኑና በዚያው በጀት አንድ ሳምንት ትደግማላችሁ። ጥገናው ግን አንድ ጊዜ ነው። ተጠግኖም ከሦስት በታች ከሸጠ ይቆማል።

ስድስትና ከዚያ በላይ ከተሸጠ ለአንዱ 700 ብር ወይም ከዚያ በታች ወጥቷል። ይህ የሚያድግ ነው። ሆኖም ወዲያው አይደለም። ስድስት ሽያጭ ትንሽ ቁጥር ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዕድል ብቻ አራትም ስምንትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚያው በጀት አንድ ጊዜ ይደገምና ሁለቱ ሳምንት በአማካይ ይታያል።

የእኛ አምስት ስለሆነ ጥገና ውስጥ ገባን። በከተማው ስም ፈንታ ካርታው ላይ ቀፊራን ነጥብ አድርገን ዙሪያውን 10 ኪሎ ሜትር ወሰንን። ስልኩን ማታ የአክስታችን ልጅ እንድትይዘው አደረግን፤ ሦስቱንም ቋንቋ ትናገራለች። ለእያንዳንዱ ለተሸጠ ቬንትሌተር 100 ብር ታገኛለች። ይህም ወጪ ነው፤ ከትርፉ መቀነስ አለበት። ይሁንና ለባጃጅ የሚወጣውን 100 ብር ከዚያ ወዲህ ገዢው እንዲከፍል ስላደረግን ትርፉ 1,400 ላይ ቆየ። ቪዲዮው አልተነካም።

ቀጣዩ ሳምንት ሰባት ተሸጠ። ከዚያ የሚቀጥለው ስድስት። በሁለት ሳምንት 8,400 ብር ወጥቶ 13 ቬንትሌተር። ለአንዱ 646 ብር። አሁን ማሳደግ ይቻላል።

መሐል ላይ ሳይጠብቁ የሚቆምባቸው ሁኔታዎችም አሉ። 1,400 ብር አልቆ የመጣው መልእክት በጣት የሚቆጠር ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ብዙ ጊዜ የመልእክት ቁልፉ የማይሠራ ነው። ከሌላ ስልክ ገብታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። ዕቃው ካለቀም ወዲያውኑ አጥፉት። «አልቋል» እያሉ ለመመለስ 52 ብር መክፈል ያሳዝናል።

በእጥፍ ማሳደግ ወይስ በደረጃ?

እህቴ ወደ 10 ዶላር ልታወጣው ፈለገች። በአንዴ መዝለል ሁለት ችግር አለው። ሲስተሙ የተማረውን ይረብሽበታል። ድሬ ደግሞ አዲስ አበባ አይደለችም። በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቬንትሌተር ገዝቶ የሚከፍል ሰው ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ገንዘብ ሲጨመር አዲስ ሰው ከማግኘት ይልቅ ያንኑ ሰው ደጋግሞ ማሳየት ይጀምራል።

በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው በየጥቂት ቀኑ 20 በመቶ ያህል መጨመር ነው። በ3 ዶላር ላይ 20 በመቶ 60 ሳንቲም ስለሆነ ለትንሽ በጀት አይመችም። እኛ ወደ 4 አወጣነውና ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ ወደ 6። እዚያም ሁለት ሳምንት።

በ4 ዶላር ሁለት ሳምንት፦ ወጪ 11,200 ብር፣ ሽያጭ 17። ለአንዱ 659 ብር። በ6 ዶላር ሁለት ሳምንት፦ ወጪ 16,800 ብር፣ ሽያጭ 21። ለአንዱ 800 ብር።

800 ከ1,400 በጣም በታች ስለሆነ ደህና ይመስላል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አማካዩ አዲሱን ብር ከድሮው ብር ጋር ቀላቅሎ ይደብቃል። የሚጠየቀው «የጨመርኩት ብር ብቻውን ስንት አመጣ?» ነው።

ከ3 ወደ 4 ስንወጣ በሁለት ሳምንት 2,800 ብር ጨመርን። ሽያጩ ከ13 ወደ 17 ሄደ፤ አራት ተጨማሪ። ለአንዱ ተጨማሪ 700 ብር። ልክ የምንፈልገው ላይ። ከ4 ወደ 6 ስንወጣ ግን 5,600 ብር ጨምረን ያገኘነው አራት ብቻ ነው። ለአንዱ ተጨማሪ 1,400 ብር። ልክ የመጨረሻው መስመር ላይ።

በትርፍ እዩት። በ4 ዶላር 17 ሲባዛ በ1,400፣ ሲቀነስ 11,200፣ 12,600 ብር። በ6 ዶላር 21 ሲባዛ በ1,400፣ ሲቀነስ 16,800፣ ያው 12,600 ብር። አራት ቬንትሌተር ተጨማሪ ተሸክማ፣ አራት ሰው ተከራክራ፣ 5,600 ብር ጨምራ፣ የተረፋት ያው። ይህን በደብተሩ ላይ ጎን ለጎን ስታየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

አድስ ማናጀር ላይም ምልክቱ ነበር። «Frequency» የሚለው፣ አንድ ሰው ማስታወቂያውን በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየው የሚያሳየው ዓምድ፣ በ3 ዶላር ሳምንት ከ2 በታች ነበር። በ6 ዶላር ሁለተኛ ሳምንት ከ3 አለፈ። አስተያየት መስጫው ላይም አንድ ሰው «አቦ ይቺን ቬንትሌተር በየቀኑ ነው የማያት» ብሎ ጻፈ። ይህ ቁጥር ብቻውን አያስቆምም፤ የሽያጩ ወጪ አብሮ ሲወጣ ግን ከተማው እየጠገበ መሆኑን ይነግራችኋል።

እዚህ ስትደርሱ ሦስት አማራጭ አለ። ወደ ቀድሞው በጀት መመለስ፣ አዲስ ቪዲዮ መሥራት፣ ወይም ቦታ መጨመር። ለቬንትሌተር ቦታ መጨመር ወደ ደጋው መውጣት ስለሆነ አይሆንም። አባያ ወይም ጫማ ብትሸጥ ኖሮ ሐረርን እንደ ሁለተኛ ሙከራ፣ በራሱ 21 ዶላር፣ በራሱ ደብተር እንድትከፍተው እመክራት ነበር። ከድሬው ጋር ሳትቀላቅለው። አዲስ ቪዲዮም አሁን አልመረጥንም፤ ክረምቱ ቀርቧል፣ ሐምሌ ከገባ ሙቀቱ ይበርዳል፣ አዲሱ ቪዲዮ ወጪውን ሳይመልስ ወቅቱ ያልቃል።

ስለዚህ ወደ 4 ዶላር ተመለሰች። መደርደሪያው ላይ 19 ቬንትሌተር ቀርቷታል። ሦስት ሲቀሩ ማስታወቂያው እንዲጠፋ ለቡስት አድራጊው ከወዲሁ ጽፋለታለች። ሦስቱ ደመወዝ እየጠበቁ ላሉት ናቸው።